ስተድ ሬይል ከወራት በኋላ፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ የጎደለችው 30 ሚሊሜትር ግን እስካሁን ታናድደኛለች

ሐዋሳ ላይ ባሠራሁት የንግድ ሕንፃ፣ ቢም በሌለው ሶሌታ ውስጥ፣ በየአምዱ ዙሪያ ስተድ ሬይል ካስገባሁ ወራት አልፈዋል። ሱቆቹ ተከራይተዋል፣ ዕቃ ተጭኖባቸዋል፣ ኮርኒሱም ያለ አንዳች ጉብታ ልሙጥ ሆኖ ወጥቷል። ሕንፃ የሚያሠሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ድጋሚ ብትሠራ ትገዛዋለህ ወይስ በታጠፈ ፌሮ፣ በስታፋ ትጨርሰዋለህ?» እያሉ ነው። እገዛዋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ዕቃውን ለማወደስ ሳይሆን መጀመሪያ የደረሰኝ ጭነት ከታዘዘው ቁመት 30 ሚሊሜትር አጥሮ ስለመጣና ሻጩ «ልዩነት አያመጣም» እያለ እስከ መጨረሻው ስለተከራከረኝ ነው። መሐንዲስ ባልሆን ኖሮ ባመንኩት ነበር። ያ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ዕቃው ሲያዩት ቀላል ነው። በቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ላይ በእኩል ርቀት የተበየዱ አጫጭር የብረት ዘንጎች ናቸው። እያንዳንዱ ዘንግ ከላይም ከታችም ራስ አለው፣ የራሱም ዲያሜትር የዘንጉ ሦስት እጥፍ ነው። ሬይሎቹ ከአምዱ ጀምረው እንደ ጨረር ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ አምዱ ሶሌታውን ሰርስሮ እንዳይወጣ መያዝ። መሐንዲሶች ፐንቺንግ የሚሉት ይህን ነው። ቢም የሌለው ሶሌታ ክብደቱን በሙሉ የሚያወርደው በአምዱ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ቀለበት በኩል ነው። ጭነቱ ሲበዛ የሶሌታው ሆድ ከአምዱ ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ሰያፍ ስንጥቅ ይፈጠራል፣ ሶሌታውም የተገለበጠ ቆብ የመሰለ ቁራጭ በአምዱ ላይ ትቶ ይወርዳል። ጎብጦና ተሰነጣጥቆ ቀድሞ አያስጠነቅቅም። አንዱ አምድ ሲሸነፍ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ስለሚዞር እሱም ይከተላል።

የእኔን መሃል አምድ በቁጥር ላሳይ። አምዱ 400 በ400 ሚሊሜትር ነው። አምዶቹ በሁለቱም አቅጣጫ 6 ሜትር ይራራቃሉ፣ ሶሌታው 250 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ የኮንክሪቱ ደረጃ ሲ25 ነው። ከላይና ከታች 25 ሚሊሜትር ሽፋን ትተን 16 ቁጥር ፌሮ በሁለት አቅጣጫ ስናነጥፍ፣ ከሶሌታው ሆድ እስከ ላይኛው ፌሮ ያለው አማካይ ጥልቀት 210 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የሶሌታውን ክብደት፣ የወለል ንጣፉንና ግድግዳውን፣ የሱቁንም ጭነት ከነደኅንነት ማባዣቸው ስንደምር፣ ከአንድ ወለል ብቻ ወደዚህ አምድ የሚመጣው የዲዛይን ጉልበት 750 ኪሎኒውተን ያህል ነው። ጭነቱ ከሁሉም ጎን እኩል ስለማይመጣ ደንቡ የሚያስጨምረው 15 በመቶም በዚህ ውስጥ አለ።

በአውሮፓው የኮንክሪት ደንብ በዩሮኮድ 2 ላይ የተመሠረተው የአገራችን ደንብ ፍተሻውን የሚያደርገው ከአምዱ ፊት የጥልቀቱን ሁለት እጥፍ ርቆ በሚከበው ዙሪያ ላይ ነው። በዚያ ዙሪያ የሚደርሰው ግፊት 0.84 ሜጋፓስካል ሲሆን፣ ኮንክሪቱ ያለ እርዳታ የሚችለው 0.60 ብቻ ነው። ስለዚህ አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሶሌታውን አወፍረው» ይላል። አሰላሁት። 300 ሚሊሜትር ብናደርገው የራሱ ክብደት አብሮ ስለሚጨምር ግፊቱ 0.65፣ አቅሙ 0.53 ይሆናል። በየፎቁ ያን ሁሉ ኮንክሪት ጨምረንም ገና አይበቃም። «የላይኛውን ፌሮ እጥፍ አድርገው» የሚለውም አያዋጣም፤ አቅሙ የሚያድገው በፌሮው መጠን ኩብ ሥር ስለሆነ እጥፍ ፌሮ የሚሰጠን 26 በመቶ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ 40 በመቶ ያህል ጎድሎናል። በየአምዱ ራስ ሶሌታውን ወደ ታች ማወፈር ይሠራል፣ አስተማማኝም ነው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ አምድ የተለየ ቅርጽ የሚጠይቅ የእንጨት ሥራ አለው፣ ቧንቧና ሽቦም ያን ጉብታ እየዞረ ማለፍ ይኖርበታል። ቢም የሌለውን ሶሌታ፣ ፍላት ስላብን የመረጥኩት እኮ ይህን ሁሉ ለመሸሽ ነበር።

የቀረው ስታፋና ስተድ ነው። ለስታፋ ፍትሐዊ ልሁን፤ ርካሽ ነው፣ እዚሁ ሳይት ላይ ይታጠፋል፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። በትክክል ከተሠራ ደንቡ ይቀበለዋል። ችግሩ «በትክክል» የሚለው ላይ ነው። እያንዳንዱ ስታፋ የላይኛውን ፌሮ አቅፎ መታሰር አለበት። የላይኛው ፌሮ ከተነጠፈ በኋላ እጅ የማይገባበት ቦታ ውስጥ ስታፋ ማሾለክ ደግሞ የፌሮ ሠራተኛን ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው በላይኛው ፌሮ ሥር የተንጠለጠለ፣ ምንም ያልያዘ ስታፋ ነው። ስተዱን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ራሶቹ ኮንክሪቱን ስለሚይዙ ፌሮ ማቀፍ አያስፈልገውም፣ ሬይሉም ከላይ በቀላሉ ይገባል። ያ መያዝ የሚሠራው ግን ራሶቹ በትክክለኛው ከፍታ ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው።

ያዘዝኩት ዲያሜትሩ 10፣ ጠቅላላ ቁመቱ 200 ሚሊሜትር የሆነ ስተድ ነበር፤ 250 ሲቀነስ 25 ሲቀነስ 25። በየሬይሉ አራት ስተድ አለ፤ የመጀመሪያው ከአምዱ ፊት በ80 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በየ150። ለጉልበቱ በየዙሩ 8 ስተድ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ በአንድ ዙር ያሉት እርስ በርስ ከጥልቀቱ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ እንዳይራራቁ ስለሚያዝ በየአምዱ 16 ሬይል አስገብተናል።

ጭነቱ ሲመጣ ሬይሎቹ በወረቀት ላይ እንዳሉት ነበሩ፤ ዲያሜትሩ 10፣ ርቀቱ 150፣ ብየዳውም ንጹሕ። የፌሮ ሠራተኞቹ አለቃ አንዱን ሬይል በታችኛው ሽፋን ላይ አቁሞ «ኢንጂነር፣ ይኼ ላይኛው ፌሮ ጋ አይደርስም» አለኝ። ሜትር ዘረጋንበት፤ 170።

ሻጩን ስደውልለት የመጀመሪያ መልሱ «ከታች አስቀምጡት፣ ኮንክሪቱ ይይዘዋል» ነበር። እሺ፣ ከታች እናስቀምጠው። የላይኛው ራስ ከሶሌታው ሆድ በ195 ሚሊሜትር ላይ ያልቃል። ስንጥቁ ከአምዱ ፊት፣ ከሶሌታው ሆድ ተነሥቶ ሁለት ሲራመድ አንድ እየወጣ እንደሚሄድ አድርገን እናስበው፤ ደንቡ የሚፈትሽበት የሁለት እጥፉ ዙሪያም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ሦስተኛው ስተድ ከአምዱ ፊት በ380 ላይ ነው፣ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ከፍታው 190 ነው። ከስንጥቁ በላይ የቀረው ስተድ 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ያውም ጫፉ ላይ ያለው ራስ ነው። ይህ ስተድ ምንም አይዝም፤ ስንጥቁ ራሱን ነክቶ ያልፋል። በ200ው ስተድ ግን የላይኛው ራስ 225 ላይ፣ ከላይኛው ፌሮ እኩል ስለሚሆን 35 ሚሊሜትር ከስንጥቁ በላይ ይይዛል።

«እንግዲያው ከላይ አንጠልጥሉት» አለኝ ሁለተኛ። ያኔ የታችኛው ራስ ከሶሌታው ሆድ 55 ሚሊሜትር ላይ ይንጠለጠላል። የመጀመሪያው ስተድ ከአምዱ ፊት 80 ላይ ነው፣ ስንጥቁም እዚያ 40 ላይ ነው። ከስተዱ በታች ሾልኮ ሄደ ማለት ነው። ከታች ብታስቀምጠው ሦስተኛውን፣ ከላይ ብታንጠለጥለው የመጀመሪያውን ታጣለህ። አራተኛው ደግሞ ከስንጥቁ ውጭ ያለው ዙሪያ በቂ ርዝመት እንዲኖረው የሚያገለግል እንጂ የጠፋውን የሚተካ አይደለም። አንተ ወንድሜ «ልዩነት አያመጣም» ያልከኝ ከሦስቱ ሠራተኞቼ አንዱን ማባረር ነው!

ሦስተኛው ሐሳቡ ይበልጥ ብልህ ይመስል ነበር። «የጣሪያችሁ ሶሌታ 220 ነው፤ 170ው እዚያ ልክ ይሆናል፣ እዚያ ተጠቀሙበት።» ቁመቱ እውነትም ይገጥማል። ነገር ግን በ220 ሶሌታ ጥልቀቱ 180 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በሬይሉ ላይ ያሉት ስተዶች ደግሞ ከጥልቀቱ ሦስት አራተኛ በላይ ሊራራቁ አይችሉም። ይህ 135 ነው። የእሱ ሬይል በየ150 የተበየደ ነው። በሁለት ስተዶች መሐል ስንጥቅ የሚያልፍበት ሰፊ በር ይተዋል። ስለዚህ ያ ዕቃ ለወለሉም ለጣሪያውም አልሆነም፤ መለስኩት። የማጓጓዣውን ወጪ ማን ይሸፍን በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

ትክክለኛው ሲመጣ ሥራው በእርግጥም ደስ የሚል ነበር። የላይኛውና የታችኛው ፌሮ ከታሰረ በኋላ ሬይሎቹ ከላይ ገቡ፣ ቫይብሬተሩም በአምዱ ራስ ዙሪያ እንደ ልብ ገባ፤ በስታፋ በታጨቀ ቦታ ይህን አላየሁም። ቅርጹ ከተፈታ ወዲህ ከላይ በአምዱ ዙሪያ ያየሁት፣ ከአምዱ ወደ ውጭ የሚሄዱ ጥቂት የፀጉር ያህል ስንጥቆችን ነው። እነዚህ የጉብጠት ናቸው፣ አያስጨንቁኝም። የምፈራው አምዱን እንደ ቀለበት የሚዞር ስንጥቅ ነበር፤ ንጣፉ እስኪለብስ ድረስ እሱን ስፈልግ ከርሜ አላገኘሁም።

ስተድ ሬይል ያስገባ ሰው አንዳንዴ ሌላውን ሁሉ የሚተውበት ነገር አለና አንድ ነገር ልጨምር። በታችኛው ፌሮ በኩል፣ በአምዱ ውስጥ የሚያልፉ ቢያንስ ሁለት ሁለት ፌሮዎች በሁለቱም አቅጣጫ መኖር አለባቸው። ሶሌታው ቢሰረሰር እንኳ ሙሉ በሙሉ ወድቆ የታችኛውን ፎቅ እንዳይመታ የሚያንጠለጥሉት እነሱ ናቸው፤ ስተዱ አይተካቸውም። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ላይ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጡን ጉልበት ለአምዱና ለሶሌታው አልተውኩም፣ የኮንክሪት ግድግዳዎች እንዲሸከሙት አድርጌያለሁ። የአውሮፓው ደንብ ራሱ ፍላት ስላብን እንደ ዋና የመሬት መንቀጥቀጥ ተሸካሚ አድርጎ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ሻጩ «ስተድ ካለ ግድግዳ አያስፈልግም» ካላችሁ፣ ከእኔ ጋር እንዳደረገው ሁሉ ሊሸጥላችሁ ነው።

ለቀጣዩ ሕንፃም ከሌላ አቅራቢ ይህንኑ ስተድ አዝዣለሁ። የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ዲያሜትር፣ የስተዶቹ ርቀትና ጠቅላላ ቁመት ከራስ እስከ ራስ በሚሊሜትር ተጽፏል፣ የሶሌታው ውፍረትና ሽፋኑም ከጎኑ ሰፍሯል። ክፍያው የሚለቀቀው ዕቃው ሳይት ደርሶ፣ ከየጥቅሉ አንድ ሬይል ወጥቶ በሜትር ከተለካ በኋላ ነው። አቅራቢው ይህን ሲያነብ ቅር ብሎት ነበር፤ ፈርሟል።