አክሲዮኑ ወጣ፣ ኦፕሽኔ ወደቀ፣ ጠቋሚው ግን «ልክ ነበርኩ» ይላል

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ትናንት በ3,600 ዶላር የገዛሁትን ኦፕሽን ዛሬ በ1,900 ዶላር ሸጥኩት። አክሲዮኑ ወድቆብኝ ቢሆን ኖሮ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር፤ ሰው ይገምታል፣ ይሳሳታል። የእኔ ግን ሌላ ነው። ይወጣል ተባልኩ፣ ወጣ። በአንድ ሌሊት 4 በመቶ ወጣ። እኔ ደግሞ የገንዘቤን ግማሽ ያህል አጣሁ።

ጥቆማ ሻጩን ስሙን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ወርሃዊ ክፍያ እየተቀበለ የግዢ ጥቆማ የሚልክ፣ ያተረፈበትን ቀን በምስል የሚደረድር፣ የከሰረበትን ቀን የማያስታውስ ሰው ነው። ድርጅቶች የሩብ ዓመት ገቢያቸውን በሚያሳውቁበት ሰሞን ድምፁ ከፍ ይላል። «ሪፖርቱ ዛሬ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ይወጣል፤ ከመዘጋቱ በፊት ግቡ፤ ነገ ረፍዷል።» የዘወትር ዜማው ይህ ነው፤ እኔም ሲዘፈን ሰምቼ የማላውቀው ዜማ አልነበረም።

አክሲዮኑ ትናንት ከሰዓት በኋላ 100 ዶላር ነበር። የተነገረኝ በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ የሚያበቃ፣ ስትራይኩ 105 ዶላር የሆነ ኮል ኦፕሽን እንድገዛ ነው፤ ማለትም እስከዚያ ዓርብ ድረስ አክሲዮኑን በ105 ዶላር የመግዛት መብት። ዋጋው በአንድ አክሲዮን 3.60 ዶላር ነበር። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ነውና 360 ዶላር ይሆናል። አስር ገዛሁ። አምስት ይበቃኝ ነበር፤ ግን የሰውዬው መልእክት «ይህ ያመለጠው ይቆጨዋል» ይል ነበር፣ እኔም መቆጨት አልፈለግሁም።

ገበያው ተዘጋ፣ ሪፖርቱ ወጣ፣ ገቢው ከተጠበቀው በልጦ ተገኘ። ከመዝጊያ በኋላ በሚደረገው ግብይት አክሲዮኑ 104 ዶላር ደረሰ። የነጠላ አክሲዮን ኦፕሽን ግን በዚያ ሰዓት አይገበያይም፤ ስለዚህ በስልኬ ላይ የእኔ ኮል 3.60 እንዳለ ቆሞ ነበር። ይህ የቆመ ቁጥር ነው ያታለለኝ። «ነገ ሲከፈት ይነሳል» ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ። ዴልታው 0.39 ነበር፤ አክሲዮኑ አንድ ዶላር ሲጨምር ኦፕሽኑ 39 ሳንቲም ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። 4 ሲባዛ በ0.39፣ 1.56። በ1,000 አክሲዮን ሲባዛ 1,560 ዶላር ትርፍ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ቀድጄ ልጥለው እጄን ዘርግቼ ተውኩት።

ዛሬ የኒው ዮርክ ገበያ ሊከፈት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አክሲዮኑ በ104 ዶላር ተከፈተ። አረንጓዴ። ዓይኔን ወደ ኦፕሽኑ ዝቅ ሳደርግ ቀይ ነው። ገዢዎች 1.60 ይሰጣሉ፣ ሻጮች 2.20 ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ የተንቀራፈፈ መስሎኝ ገጹን አደስኩት። ቀጥሎ ምናልባት ኮል መስሎኝ ፑት፣ ማለትም አክሲዮኑ ሲወድቅ የሚያተርፈውን ኦፕሽን ገዝቼ ይሆን ብዬ ትእዛዙን ከፍቼ አየሁ። ኮል ነው። ስትራይኩ 105 ነው። ቀኑም ትክክል ነው። ሁሉም እንዳዘዝኩት ነው፤ ገንዘቡ ብቻ የለም። በመካከለኛው ዋጋ፣ በ1.90 የመሸጫ ትእዛዝ አስገባሁና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተሸጠ።

ገንዘቡ የት ሄደ? ሰው ልጠይቅ ከመሮጤ በፊት ትናንት ያነሳኋቸውን የስክሪን ምስሎች ከፈትኩ። ከዋጋው ጎን «IV» የሚል ዓምድ አለ። በየቀኑ የማየው፣ አንድ ቀንም ያላነበብኩት ዓምድ ነው። ገበያው አክሲዮኑ ወደፊት ምን ያህል ይዋዥቃል ብሎ እንደሚገምት ከኦፕሽኑ ዋጋ ተመልሶ የሚሰላ ቁጥር ነው፤ የሚጠበቀው መዋዠቅ እንበለው። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ስፋቱ ብቻ ነው። ትናንት ስገዛ 95 በመቶ ይል ነበር። ዛሬ ሲከፈት 40 በመቶ ሆኗል።

ምክንያቱ ምንም ምሥጢር የለውም። ትናንት ሪፖርቱ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም ነበርና ኦፕሽን የሚሸጥ ሁሉ ለዚያ አለማወቅ ዋጋ ጨምሮበታል። ሪፖርቱ ወጣ፤ አለማወቁ አለቀ፤ ጭማሪውም አብሮት አለቀ። ዜናው ጥሩ መሆኑ በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። ዜናው መጥፎ ቢሆንም የሚጠበቀው መዋዠቅ በአብዛኛው እንዲሁ ይወርድ ነበር። እኔ የገዛሁት «አክሲዮኑ ይወጣል» የሚለውን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሳላውቀው «ከተጠበቀው በላይ ይዋዥቃል» የሚለውንም አብሬ ገዝቼ ኖሯል።

ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። የሚጠበቀው መዋዠቅ 95 በመቶ እንዳለ ቢቆይ ኖሮ አክሲዮኑ 104 ሲደርስ የእኔ ኮል 5.10 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ያለፈው አንድ ሌሊት ማብቂያውን በማቅረቡ የቀነሰው ሃያ ምናምን ሳንቲም እንኳ ተቆርጦለት ማለት ነው። ስለዚህ አቅጣጫውን በማግኘቴ 1.50 አግኝቻለሁ፤ የሌሊት ሒሳቤ ያን ያህል አልተሳሳተም። ከዚያ በኋላ የመዋዠቁ ግምት ከ95 ወደ 40 ሲወርድ 3.20 ወሰደብኝ። ከ3.60 ተነስታችሁ 1.50 ጨምሩ፣ 3.20 ቀንሱ፤ 1.90 ላይ ታርፋላችሁ።

የሚያናድደው ደግሞ ይህ ሁሉ ትናንት ፊቴ ላይ ተጽፎ መዋሉ ነው። ከዴልታው ሁለት ዓምድ ራቅ ብሎ ቬጋ የሚባለው ተቀምጧል፤ የሚጠበቀው መዋዠቅ በአንድ ነጥብ ሲቀየር ኦፕሽኑ ስንት ሳንቲም እንደሚቀየር ይናገራል። 0.057 ይል ነበር። ዴልታውን በ4 ያባዛ እጅ ቬጋውን በ55 ቢያባዛው 3.10 ገደማ ያገኝ ነበር። ወርዶ ወርዶ የት ሊደርስ እንደሚችል ለመገመትም ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የዚያው አክሲዮን ወራት ርቀው የሚያበቁ ኦፕሽኖች ትናንትም ቢሆን የሚያሳዩት ከ50 በታች ነበር። የቅርቡ 95፣ የሩቁ ከ50 በታች። ልዩነቱ የዚያች አንድ ሌሊት ዋጋ ነበር፣ እኔም አስር እጥፍ አድርጌ ገዛሁት።

ሌላም ነገር አለ። በ100 ዶላር ስትራይክ ያሉት ኮሉና ፑቱ አንድ ላይ ትናንት 11 ዶላር ገደማ ያወጡ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ገበያው ወደ አንዱ ወገን የ10 በመቶ ያህል ዝላይ እየጠበቀ እንደነበር ያውቃል። 4 በመቶ ለባለ አክሲዮኑ ደስታ ነው፤ ለኮል ገዢው ግን ከተከፈለበት ያነሰ ነው። ዛሬ ጠዋት ያለ ኪሳራ ለመውጣት ብቻ አክሲዮኑ 107 ዶላር መድረስ ነበረበት። ኦፕሽኑን እስከ መጨረሻው ቀን ብይዘው ደግሞ 108.60። ሰውዬው ግን «ይወጣል» አለ እንጂ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ትንፍሽ አላለም።

ልጽፍለት ገጹን ስከፍት የደስታ መልእክቱ ቀድሞኝ ተለጥፏል። የአክሲዮኑ ሠንጠረዥ፣ አረንጓዴ ቀስት፣ «+4%»፣ «እንኳን ደስ አላችሁ»። የአክሲዮኑን ሠንጠረዥ ነው የለጠፈው! እንድንገዛ የነገረንን ኦፕሽን አይደለም። ወደ ኋላ ሄጄ የቀድሞ «ድሎቹን» ስመለከት ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የኦፕሽን ጥቆማ ይሸጥላችኋል፣ ውጤቱን በአክሲዮን ይቆጥራል። ይህን ለማየት ሦስት ወር ከፍያለሁ።

«አክሲዮኑ ወጥቷል፣ እኔ ግን 1,700 ዶላር ከስሬአለሁ፤ የሚጠበቀው መዋዠቅ እንደሚወርድ ለምን አልነገርከንም?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጣ። «ወንድሜ፣ ይወጣል አልኩህ፣ ወጣ። ኦፕሽን ምን እንደሆነ ሳያውቁ መግባት የእኔ ጥፋት ነው?» ከዚያ መልእክቴ ተሰረዘ። ለደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ያነሳችው ሴት እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ መጠበቋም በረዥሙ ስትተነፍስ ይሰማ ነበር። «እርስዎ የተመዘገቡት የአቅጣጫ ጥቆማ ለማግኘት ነው» አለችኝ። «አቅጣጫው ትክክል ነበር። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ምን ብዬ ልከራከራት? ስልኩን የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ኦፕሽን ልግዛ የምትሉ ካላችሁ የቅርቡን IV ከሩቁ ጋር አስተያዩት፣ ልዩነቱን በቬጋው አባዙ፣ ከዴልታው ትርፍ ላይ ቀንሱት። ልግባ ካላችሁም ከምትገዙት ኮል ጋር ከፍ ባለ ስትራይክ ሌላ ኮል ሽጡ። እኔ የ105ቱን ገዝቼ የ115ቱን ብሸጥ ኖሮ ወጪዬ ወደ 2.30 ይወርድ፣ ኪሳራዬም 50 ሳንቲም ገደማ ላይ ይቆም ነበር። አክሲዮኑ ከ115 በላይ ቢበር ያ ትርፍ ያመልጣችኋል፤ ያመልጣችሁ።

ምዝገባዬን አሁን ሰረዝኩ። ከመሰረዙ በፊት ምክንያት ምረጡ የሚል ገጽ መጣ። ዋጋው ተወደደብኝ፣ ጊዜ የለኝም፣ የተሰጠኝ አቅጣጫ የተሳሳተ ነበር። ጣቴን ሦስተኛው ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። አቅጣጫውማ ልክ ነበር። «ጊዜ የለኝም» የሚለውን መረጥኩ።