በድምፅ የተዜመን ዜማ ወደ ሚዲ የሚቀይር ፕሮግራም፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን ፕሮግራም የገዛሁት ዜማ ሲመጣልኝ በማይክሮፎን እያንጎራጎርሁ ወዲያው በኖታ እንዲያስቀምጥልኝ ነበር። ለወራት ከሠራሁበት በኋላ የደረስሁበት ፍርድ እንዲህ ነው፤ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ በመለካት አይታማም። የሚሳሳተው የለካውን ድምፅ የትኛው ኖታ እንደሆነ ሲወስን ነው።

ሚዲ ድምፁን ራሱን ሳይሆን የኖታዎቹን መረጃ የሚይዝ የኮምፒውተር ፋይል ነው፤ በውስጡ እያንዳንዱ ኖታ ቁጥር አለው። በ220 ኸርዝ የሚሰማው ላ 57 ነው፤ በኪቦርድ ላይ ከጎኑ ያለው ላ ሻርፕ፣ 233 ኸርዝ ገደማ የሆነው፣ 58 ነው። በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት መቶ ሴንት ይባላል። የሰው ድምፅ ግን በመካከላቸው የትም ሊያርፍ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ወደሚቀርበው ቁጥር ያጠጋጋዋል።

ችግሩ የተገለጠልኝ አንዲት አጭር ዜማ ስቀዳ ነው። ዜማዋ ከአንድ ኖታ ተነሥታ ጥቂት ከወጣች በኋላ ወደዚያው ኖታ ትመለሳለች። ፕሮግራሙ መነሻዋን ላ፣ መመለሻዋን ላ ሻርፕ ብሎ ጻፈ። ቅጂውን መልሼ ሳዳምጥ ሁለቱ ለጆሮዬ አንድ ናቸው። የከፍታውን መስመር በስክሪኑ ላይ አስፍቼ ሳየው ግን የመጀመሪያው 226 ኸርዝ፣ ሁለተኛው 228 ኸርዝ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 15 ሴንት ገደማ ብቻ ነው፤ ያለ መሣሪያ አጃቢነት በሚያዜም ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን የላ እና የላ ሻርፕ ድንበር ከ226 ኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ስላረፉ አንዱ ኖታ ሁለት ሆነ። ያንኑ ዜማ ከ220 ኸርዝ ጀምሬ በ222 ብመለስ ኖሮ ሁለቱም ያለ ጥርጥር ላ ተብለው ይጻፉ ነበር።

ስለዚህ ውጤቱን የሚወስነው ትክክል ማዜም ብቻ ሳይሆን ከየት መነሣትም ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ከመቅዳቴ በፊት መነሻውን ኖታ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። አስቀድሞ የተቀዳ ዜማ ሲሆን ደግሞ የፕሮግራሙን መቃኛ፣ ማለትም የላይኛውን ላ፣ ከ440 ወደ 452 ኸርዝ አነሣዋለሁ፤ ያን ጊዜ የ452 እኩሌታ የሆነው 226 ኸርዝ ራሱ የታችኛው ላ መሃል ይሆናል። መቃኛውን ሳልነካ የተገኙ ኖታዎችን አንድ በአንድ ማረም ግን ጊዜ ማባከን ነው። ዜማው እየቆየ ዝቅ የሚል ከሆነ ይህም ዘዴ አይበቃም፤ ቅጂውን ቆራርጦ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መቃኘት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደካማ ጎኑ የኖታ መጀመሪያና መጨረሻ ነው። አፍን ዘግቶ በማንጎራጎር ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ኖታ አንድ ረጅም ኖታ ሆኖ ይወጣል፤ ድምፁ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል የሚለየው ምልክት የለም። «ታ ታ ታ» ተብሎ ሲዜም ግን ተነባቢው እያንዳንዱን ጅማሬ ስለሚያሳውቅ ሦስቱም በየቦታቸው ይቀመጣሉ። በአንጻሩ ከሚ ወደ ላ እየተንሸራተቱ ሲወጡ በመንገድ ላይ ያሉት ቁልፎች ሁሉ እንደ ትንንሽ ኖታ ይመዘገባሉ። እነዚህን ለማጥፋት የኖታ ዝቅተኛ ርዝመት የሚባል ማስተካከያ አለ። እኔ 60 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጌዋለሁ። 150 ላይ ቢደረግ ግን ፈጣን ዜማን ይበላል፤ በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ የአንድ ምት ሩብ የሆነው ኖታ ራሱ 125 ሚሊሰከንድ ብቻ ነውና።

ረጅም ኖታ ላይ ድምፅን ማንቀጥቀጥ የሚወዱ ሰዎችም ይጠንቀቁ። መንቀጥቀጡ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ከተመላለሰ ሁለት ኖታ እየተፈራረቀ ይጻፋል። በዝቅተኛ ድምፅ ሲዜም አንዳንዴ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ መዝለልም አለ። ይህ ግን ከመስመሩ ድንገት ተነጥሎ ስለሚታይ ለማረም አያስቸግርም።

ለምት ስል ሁልጊዜ ከሜትሮኖም ጋር እቀዳለሁ። ያለ እርሱ የኖታዎቹ ርዝመት ትክክል ቢሆንም ፕሮግራሙ የመለኪያ መስመሮቹን የት እንደሚያኖር አያውቅም፤ ወደ ወረቀት የሚወጣው ጽሑፍም ለመነበብ በሚያስቸግሩ ጥቃቅን ዕረፍቶች ይሞላል። በዚያ ላይ የሚዲ ቁጥር 61 ዶ ሻርፕ ይሁን ሬ ፍላት አይናገርም፤ የዜማውን ቁልፍ እኔ ካልነገርሁት በግምት ይጽፋል። ስለዚህ ሚዲውን ለቅንብር እጠቀምበታለሁ፤ ለዘፋኝ የሚሰጠውን ኖታ ግን አሁንም ራሴ እጽፋለሁ።