«ሁለቱ ንባብ ተጋጭቷል፣ ሦስተኛ ላንብብልሽ» ስትባሉ ገንዘብ እንዳትልኩ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ተቀምጬ፣ 2,500 ብር ከከሰርኩ በኋላ ነው። በካርድ ዕድል የሚነበብበት ታሮት እውነት ነው ሐሰት ነው የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ፣ የንስሐ አባቴም ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። የማወራው ስለ ገበያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጮኛዬ በጥር ሥራ ተቀይሮ ሸዋ ሮቢት ወረደ። እዚህ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ስልኩን ስጠብቅ እሱ ቆላ ለቆላ ይዞራል። ስልኩ እየቀነሰ ሲሄድ በቴሌግራም ካርድ የምታነብ አንዲት ሴት አገኘሁ። 400 ብር ላክሁ። ሦስት ካርድ ጣለችልኝና «ልቡ አንቺ ጋ ነው፣ ሽማግሌ ይልካል» አለችኝ። ደስታዬ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በአሥረኛው ቀን ለሌላ አንባቢ 600 ብር ላክሁ። እሷ ደግሞ «ትቶሽ እየሄደ ነው» አለች።

ወጥመዱ የተዘረጋው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛዋ አንባቢ «የመጀመሪያዋ ዋሽታሻለች፣ የቱ እውነት እንደሆነ የሚለይ ማረጋገጫ ንባብ አለ፣ 1,500 ብር» አለችኝ። ከፈልኩ። ማረጋገጫው «መተት አለበት» ሆኖ ወጣ። መፍቻው 7,000 ብር። እዚህ ላይ ነው እንቅልፌ የጠፋው።

ደብረ ሲና ያለችው የአክስቴ ልጅ ካርዱን ገዝታ ለጨዋታ ትጥላለች። ደውዬ አለቀስኩባት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን አሉሽ?» አልነበረም።

«ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?» አለችኝ።

መልእክቶቹን ከፍቼ አነበብኩላት። ለመጀመሪያዋ የጻፍኩት «ለእኔ ያለው ስሜት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ለሁለተኛዋ ደግሞ «በዚህ ዓመት እንጋባለን?» ብያለሁ። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ሊወድሽም፣ በዚህ ዓመት ላያገባሽም ይችላል። ይህን ለማወቅ ካርድ አያስፈልግም ነበር፣ ግን በጭንቅ ጊዜ አይታይም።

ቀጥላ «የካርዶቹን ፎቶ ላኪልኝ» አለች። ላክሁላት። የመጀመሪያው ንባብ ስድስት ጽዋ፣ ሁለት ጽዋ እና ባለ ፈረሱ ጽዋ ነበሩ። ትናንት፣ ዛሬና ነገ ተብለው የተጣሉ ናቸው። ሁለት ጽዋ ላይ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ጽዋ ይለዋወጣሉ። ስለ ስሜት ስትጠይቂ ይህ ከወጣ ማንም አንባቢ ደስ ይለዋል።

የሁለተኛው ንባብ ካርዶች ግን በሌላ ቦታ ላይ ነበር የተቀመጡት። አንደኛው ሁኔታው፣ ሁለተኛው እንቅፋቱ፣ ሦስተኛው ውጤቱ። ሁኔታው ላይ አራት ሳንቲም ወጥቷል፦ ገንዘቡን አቅፎ የተቀመጠ ሰው። እንቅፋቱ ላይ ስምንት ጽዋ፦ ጽዋዎቹን ትቶ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው። ውጤቱ ላይ የተሰቀለው ሰው፦ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ፊቱ ግን የተረጋጋ። ይሄኛው ብዙ ጊዜ መጠበቅ፣ መዘግየት ተብሎ ነው የሚነበበው። መለያየት አይደለም።

«ትቶሽ እየሄደ ነው» የተባለው እንግዲህ ከመካከለኛው ካርድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እንቅፋት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። እንቅፋት ቦታ የሚያሳየው ምን እንደሚያደናቅፍ ነው፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን አይደለም።

«ፎቶውን አሳድጊና ጨረቃዋን ፈልጊ» አለችኝ። ስምንት ጽዋ ላይ ጨረቃ ከላይ ነው መኖር ያለባት። በእኔ ፎቶ ከታች ናት። ካርዱ ተገልብጦ ነው የወጣው። የተገለበጠ ካርድ የሚቆጥሩ አንባቢዎች አሉ፣ የማይቆጥሩም አሉ። የሚቆጥሩት ብዙዎቹ ይህን «መሄድ ያቃተው» ወይም «የተመለሰ» ብለው ያነቡታል። ሴትየዋ የትኛውን እንደምትከተል አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። አንድ ካርድ፣ በአንዱ አካሄድ ሄደ፣ በሌላው አልሄደም።

እና ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ግጭቱ ጠፋ። ፍቅሩ አለ፣ ገንዘቡ ጠበቅ ብሏል፣ ነገሩ ይዘገያል። ጮቤ ረገጥኩ። የአክስቴ ልጅ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰችብኝ። «የፈለግሽውን ስድስት ካርድ ስጪኝ፣ ከነሱ የሚስማማ ታሪክ እሠራልሻለሁ። ስለተስማማ እውነት ነው ማለት አይደለም» አለች። ለሃቀኝነቷ ምስጋና ይግባት።

ሁለት ንባብ መለያየቱ ራሱ ብርቅ አይደለም። ካርዱ 78 ነው። ሦስት ካርድ በተራ ሲወጣ 456,456 ዓይነት አወጣጥ አለ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሦስት ሦስት ካርድ ቢያወጡ፣ ከ100 ጊዜ ወደ 89ኙ አንድም ካርድ አይገናኝም። ስለዚህ «ካርዱ ስለተለየ አንዷ ዋሽታለች» የሚል አንባቢ ወይ ካርዱን አያውቀውም፣ ወይ ኪሳችሁን እያየ ነው።

አሁን 1,500 ብር ስለወሰደው «ማረጋገጫ»። ሁለተኛዋ አንባቢ የላከችልኝን ቪዲዮ ደግሜ አየሁት። ሦስት ካርድ ጣለች፣ ምንም የሚያስደነግጥ የለም። ከዚያ «ማብራሪያ» እያለች አንድ በአንድ አምስት ጨመረች። በአምስተኛው ሦስት ሰይፍ ወጣ፦ በሦስት ሰይፍ የተወጋ ልብ፣ ከኋላው ዝናብ። እሱን ለካሜራው ጠጋ አድርጋ ያዘችውና «አየሽ?» አለች። አየሁ፣ ሆዴ ተላወሰ።

እስቲ አስሉት። ከ78ቱ 10 ያህሉ አስፈሪ ናቸው እንበል። ሦስት ካርድ ብቻ ከወጣ ቢያንስ አንድ አስፈሪ የመውጣት ዕድሉ ሲሶ ያህል ነው። ስምንት ካርድ ሲሆን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ማብራሪያ ካርድ መጨመር በራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ አንድ ካርድ ግልጽ ሳይሆን ሲቀር አንባቢዎች ያደርጉታል። ግን ስንት እንደሚጨመር ቀድሞ ካልተነገረ፣ ክፉው እስኪወጣ መቆፈር ይቻላል። ደጉ እስኪወጣም እንደዚያው።

መተት የሚል ካርድ ደግሞ ከ78ቱ ውስጥ የለም። ካርዱ ጣልያን ውስጥ መጫወቻ ሆኖ ነው የጀመረው፣ ለጥንቆላ የዋለው ኋላ ነው። መተቱን ከእኛ አገር ወሬ ወስዳ ነው የለጠፈችበት።

ስለዚህ ሁለት ንባብ ሲጋጭባችሁ ለሦስተኛ ከመክፈላችሁ በፊት የሁለቱንም ፎቶ አስልኩ። ፎቶ አልሰጥም ካለች እዚያው አቁሙ። ከዚያ የጻፋችሁትን ጥያቄ ቃል በቃል አወዳድሩ፣ እያንዳንዱ ካርድ የተቀመጠበት ቦታ ምን እንደሚባል ጠይቁ፣ የተገለበጠ ትቆጥር እንደሆነም ጠይቁ። በመካከል ስንት ቀን እንዳለፈም እዩ፤ የእኔ ዘጠኝ ቀን ነበር፣ በዚያ ውስጥ እኔና እሱ ተጣልተን ታርቀናል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ግጭቱ አሁንም ካለ፣ መልሱ ከካርድ ውጭ ነው ያለው።

እኔ እሁድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጣርማ በርን አልፌ ወረድኩ። እጮኛዬን በግንባር ጠየቅሁት። ሁለት ቤት ኪራይ እየከፈለ ነው፣ ዕቁብም ገብቷል፣ ዕጣው ገና አልወጣለትም። ስልክ የቀነሰው ማታ ፈረቃ ስለገባ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ የከፈልኩት የትራንስፖርት ብቻ ነው።

7,000ውን አልላክሁም። «የካርዶቹን ቦታ አብራሪልኝ» ብዬ ስጽፍላት ብሎክ አደረገችኝ። የከፈልኩበትን ደረሰኝና ቪዲዮውን አላጠፋሁም።