ለሲኒማቶግራፈር የሚሰጥ ሉክቡክ፦ ይታተም ወይስ በታብሌት ይታይ?

ደሴና አካባቢዋ ፊልም ሊቀርጽ የሚሰናዳ ዳይሬክተር የፊልሙን መልክ ለሲኒማቶግራፈሩ ለማሳየት ሉክቡኩን፣ ማለትም የምስልና የቀለም ናሙና ስብስቡን፣ ማተሚያ ቤት ያሳትማል ወይም በፒዲኤፍ ሠርቶ በታብሌት ያሳያል። የትኛው ገንዘብ ይገባዋል? በሁለት ትዕይንቶች እንያቸው።

የመጀመሪያው ሐይቅ አካባቢ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን የሚቀረጽ ነው። እዚህ ታብሌቱ በግልጽ ይበልጣል። የኩራዝ ነበልባል የቀለም ሙቀት ወደ 1,900 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ የቀረው ክፍል ጨለማ ነው። ሲኒማቶግራፈሩ ማወቅ የሚፈልገው ጨለማው ውስጥ ግድግዳው በጥቂቱ ይታይ ወይስ ጭልጥ ብሎ ይጥቆር የሚለውን ነው፤ ስንት መብራት እንደሚይዝ የሚወስነው በዚህ ነውና። ስክሪን ራሱ ብርሃን ስለሚሰጥ ልዩነቱን ያሳያል። ወረቀት ላይ ግን ቀለሙ እየሰረገ ጥላውን ይደፍነዋል፤ ብርቱካናማውም በማተሚያ ቤቱ አራት ቀለሞች፣ በ CMYK፣ ሲታተም ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ከጦሳ ሥር በጠዋት ጉም የሚቀረጽ ነው። ጉም የተቀራረቡ ግራጫዎች ስብስብ ስለሆነ ትንሽ የቀለም መዛባት መልኩን ይለውጠዋል። ስክሪኑን ወደ ሞቃት ቀለም የሚወስደው የታብሌቱ Night Shift ካልጠፋ ግራጫው ይሞቅና ጉሙ አቧራ ይመስላል። ፒዲኤፉ ቀርቶ ምስሎቹ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላኩ ደግሞ ይጨመቃሉ፤ ለስላሳው ጉም ላይ እርከን እርከን ያለ መስመር ይወጣል። ስለዚህ በ File ይላኩ። የማያንጸባርቅ ወረቀት እዚህ ይሻላል፤ ከተዋናዩ ጋቢ ጎን አስጠግቶ ማስተያየትም ይቻላል። የሚታየው ግን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ነው፤ አንዳንድ ርካሽ አምፖሎች ግራጫውን ወደ አረንጓዴ ይወስዱታል።

ማተሚያ ቤቱን ለመፈተን ገጹ ጥግ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ንጹሕ ግራጫ ካሬ፣ #808080፣ ይቀመጥና አንድ ገጽ ብቻ ይታተም። ካሬው ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ ሌላውም ገጽ እንደዚያው ስለሚዛባ ሙሉው ከመታተሙ በፊት ይስተካከል።

በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ የኛ ምርጫ ምስሎቹን በሙሉ በፒዲኤፍ አድርጎ የትዕይንቱን ዋና ዋና ቀለሞች የሚያሳየውን የቀለም ፓሌት ብቻ በአንድ ኤ4 ወረቀት ማሳተም ነው። ፓሌቱ ላይ የየቀለሙ ስፋት በፍሬሙ ውስጥ እንዲኖረው በሚፈለገው ድርሻ ይሁን። ለኩራዙ ትዕይንት ጥቁር ቡኒ 60 በመቶ፣ የጭቃው ቀለም 25፣ ብርቱካናማ 10፣ የነጠላው ነጭ 5 ብንል ሲኒማቶግራፈሩ ብርሃኑ ነበልባሉ ዙሪያ ብቻ እንዲቀር መፈለጉን ወዲያው ያነባል። አራቱም እኩል ሳጥን ከተሰጣቸው ግን ክፍሉን በሙሉ በሞቀ መብራት ሊሞላው ይችላል።