የፔቲ ካሽ አያያዝ፦ በቋሚ መጠን ወይስ ባለቀ ቁጥር መጨመር?

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ቢሮ የከፈተ ሰው ቶሎ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፦ ገንዘብ ያዥዋ እጅ የሚቀመጠው የጥቃቅን ወጪ ብር መጠኑ ይወሰን ወይስ ባለቀ ቁጥር ይጨመር? መልሱ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ይወሰን። ሒሳብ ሠራተኞች ኢምፕረስት የሚሉት ይህንኑ ነው።

ባለቀ ቁጥር መጨመር ሲጀምሩት ይቀላል። ዛሬ 3,000፣ በሳምንቱ 5,000፣ ከዚያ ደግሞ 2,000 ብር ይሰጣል። ጣጣው የሚመጣው ቆጠራ ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ዛሬ ስንት ብር መገኘት እንዳለበት ለማወቅ የተሰጠውንና የወጣውን ሁሉ ከመጀመሪያው መደመርና መቀነስ ያስፈልጋል። መዝገቡ ሁለት ሳምንት ከተወዘፈ ጉድለት መኖሩ ቢታወቅ እንኳ መቼ እንደተፈጠረ አይታወቅም፤ ገንዘብ ያዥዋም ያልነካችውን ልትከፍል ትችላለች። በኢምፕረስት ግን በእጅ ያለው ብርና ያልተወራረዱት ሰነዶች ሲደመሩ ሁልጊዜ ቋሚውን መጠን መስጠት አለባቸው። ድንገተኛ ቆጠራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አሠራሩ የሚጀምረው መጠኑን ከመወሰን ነው። የሳምንቱ ጥቃቅን ወጪ 2,000 ብር ከሆነና በየአራት ሳምንቱ የሚተካ ከሆነ 8,000 ብር ይሆናል፤ ቼክ እስኪፈረም ለሚያልፈው ጊዜ 2,000 ጨምሮ 10,000 ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የመንገዱን ዋጋ ማስላት አይዘንጋ። ቅርንጫፉ መሐል ሜዳ፣ ፈራሚዎቹ ደብረ ብርሃን ከሆኑ ለአንድ ምልልስ ትራንስፖርትና አበል 900 ብር ይወጣል እንበል። 5,000 ብር ይዞ በወር ሁለቴ የሚመላለስ 1,800 ሲከፍል፣ 10,000 የያዘው ግን 900 ብቻ ይከፍላል። ያም ሆኖ መጠኑ ያለልክ ከተለጠጠ በቼክ መከፈል ያለበት ዕቃ ሁሉ በሳጥኑ በኩል ማለፍ ይጀምራል። ስለዚህ ለአንድ ክፍያ ጣሪያ፣ ለምሳሌ 1,000 ብር፣ ይቀመጥለት። የ1,800 ብር ግዢ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ በተከታታይ ደረሰኝ ከመጣ ጣሪያው እየተሸወደ ነው።

የመጀመሪያው ቼክ ተመንዝሮ ብሩ ሳጥን ሲገባ ፔቲ ካሽ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት ይደረጋል። ይህ ምዝገባ የሚደረገው አንዴ ብቻ ነው፤ መጠኑ ራሱ ካልተለወጠ በቀር አይደገምም። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍያ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት ቫውቸር ይሞላል፤ ያዘዘውም የተቀበለውም ይፈርማሉ፣ ደረሰኝ ይያያዛል። «ተከፍሏል» የሚለው ማኅተም ቫውቸሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ደረሰኙም ላይ ይመታ፤ አለዚያ ያው ደረሰኝ በሌላ ቫውቸር ተለጥፎ ይመለሳል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ ደግሞ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ጽሑፉ ይለቃል። ኦዲተር ሲመጣ ነጭ ወረቀት ይዞ ከመቅረብ በዕለቱ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አብሮ ማያያዝ ይረክሳል። ለባጃጅ ደረሰኝ ስለማይገኝ ከየት ወዴት፣ ለምን ጉዳይ፣ በስንት ብር የሚል ቅጽ ተሞልቶ ይፈረምበት።

መተካት የሚገባው ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ሲቀር ነው። እንዲህ ነው የሚሆነው፦ ቋሚው መጠን 10,000፣ በእጅ የተገኘው 1,640፣ ቫውቸሮቹ ሲደመሩ ጽዳት ዕቃ 2,150፣ ትራንስፖርት 3,290፣ ጽሕፈት መሣሪያ 2,900፣ በድምሩ 8,340 ነው። ብሩና ሰነዱ አንድ ላይ 9,980 ስለሆኑ 20 ብር ጎድሏል። ቼኩ የሚጻፈው በ8,360 ነው። ሦስቱ ወጪዎች በየሒሳባቸው፣ 20 ብሩ በጉድለት ሒሳብ ዴቢት ይደረጋሉ፤ ባንክ በ8,360 ክሬዲት። ፔቲ ካሽ እዚህ ምዝገባ ውስጥ ቦታ የለውም።

ብዙ ቢሮ የሚሳሳተው እዚሁ ነው። ቼኩን በደፈናው 8,000 ብር ብሎ የሚጽፍ ወይም ሲተካ ፔቲ ካሽን እንደገና ዴቢት የሚያደርግ፣ ስሙን ኢምፕረስት ቢለውም የሚሠራው ያንኑ ባለቀ ቁጥር መጨመር ነው። ምልክቱ መዝገቡ ላይ ይታያል፤ የፔቲ ካሽ ሒሳብ 10,000 መሆኑ ቀርቶ 18,000 እያለ ይወጣል። ሌላው ችግር «ደመወዝ ሲወጣ እመልሳለሁ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው። በቆጠራ ጊዜ እንደ ወጪ ሰነድ ከተደመረ ሳጥኑ የሠራተኛ ብድር ቤት ይሆናል።

ለሁለቱም አሠራሮች የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ነው፤ ቁልፍ ያለው ሳጥንና የቫውቸር ጥራዝ። ስለዚህ በዋጋ በኩል ባለቀ ቁጥር መጨመር የሚያተርፈው ነገር የለም። ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ራሱ በሚከፍልበት ሱቅ ብቻ ኢምፕረስት ትርፍ ሥራ ነው።

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚዘጋ ቢሮ፣ ሳጥኑ ገና ግማሽ ቢሆንም በዚያ ቀን ሰነዶቹ ይወራረዱ፤ አለዚያ የሰኔው ወጪ በሐምሌ ይመዘገባል።