የሎጎ ጥቁር ቅጂ፦ በ150 ብር የሚለወጠው ወይስ በ1,500 ብር የሚሳለው?

ደሴና ኮምቦልቻ ሱቅ የከፈቱ ወዳጆቼ ማኅተም ሊያስቀርጹ ሲሉ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡልኛል፤ ባለብዙ ቀለም ሎጎን ማተሚያ ቤት በ150 ብር ወደ ጥቁርና ነጭ እየለወጠ፣ እንደ አዲስ ለሚስል ዲዛይነር 1,500 ብር መክፈል ለምን ያስፈልጋል? እኔም እንዲሁ አስቤ ከስሬያለሁ።

የእህቴ ቡና ቤት ሎጎ ቀይ ጀበና ሲሆን በሆዱ ላይ አረንጓዴ የቡና ቅጠል፣ ከጀርባው ደግሞ ቢጫ ፀሐይ አለ። ፒያሳ ያገኘሁት ባለሙያ ቀለሙን አጥፍቶ በአምስት ደቂቃ መለሰልኝ፤ በስልክ ሳየውም ያምር ነበር። በ1,200 ብር የተቀረጸው ማኅተም ሲመጣ ግን ቅጠሉም ፀሐይዋም ጠፍተው ጀበናው ብቻውን ጠቁሮ ቀርቷል።

ምክንያቱ ኮምፒዩተር ቀለምን ወደ ግራጫ የሚለውጠው በድምቀቱ መጠን መሆኑ ነው። ጥቁር 0፣ ነጭ 255 በሆነበት መለኪያ ደማቅ ቀይ 76፣ መካከለኛ አረንጓዴ 75፣ ቢጫ ደግሞ 226 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቅጠሉ ከጀበናው ጋር ተዋሐደ፣ ፀሐይዋም ከወረቀቱ ነጭነት ጋር ተቀላቀለች። ጋዜጣ ግራጫን በጥቃቅን ነጠብጣብ ስለሚያትም ትንሽ ልዩነት ያተርፍ ይሆናል፤ የማኅተም ጎማ ግን ቀለም ይነካል ወይም አይነካም እንጂ ግራጫ የለውም።

ኋላ የሄድኩበት ዲዛይነር ጀበናውን ሙሉ ጥቁር አድርጎ ቅጠሉን ነጭ ክፍት ቦታ አደረገው፤ ከቅጠሉ ጅማቶችም መካከለኛውን ብቻ አስቀረ። ፀሐይዋን በወፍራም ጨረሮች ሳላት፤ በእሷና በጀበናው መካከልም ነጭ ክፍተት ተወ። 40 ሚሊ ሜትር በሆነ ማኅተም ላይ ይህ ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ከጠበበ ቀለም ይሞላዋል። ባለአንድ ቀለም ቅጂውም ይኸው ሥዕል ነው፤ ለደረሰኝ በሰማያዊ ወይም በጥቁር አረንጓዴ ይታተማል እንጂ ሌላ ክፍያ አይጠየቅበትም። በቢጫ ግን አታሳትሙት፤ አይታይም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከመጀመሪያው ባስል ኖሮ ከማኅተሙ ጋር 2,700 ብር ይበቃኝ ነበር፤ ርካሹን በመምረጤ ለሁለቱም ባለሙያዎች ከፍዬ፣ ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ አስቀርጬ 4,050 ብር አወጣሁ።

አንዳንዶች ያንኑ ግራጫ ምስል ፒዲኤፍ ውስጥ ከትተው «ተስሏል» ብለው ስለሚሸጡ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉን 800% አጉሉት። ጠርዙ እንደ ደረጃ ከተሸራረፈ ፎቶ ነው፤ ጥርት ብሎ ከቀጠለ ቬክተር፣ ማለትም በእርግጥ በመስመር የተሳለ ነው። ቀጥሎም በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት አትሙትና ኮፒውን መልሳችሁ ኮፒ እያደረጋችሁ ሦስት ጊዜ አባዙት። በሦስተኛው ላይ ቅጠሉ ካልታየ ለዲዛይነሩ መልሱለት።

150 ብሩ የሚበቃው ሎጎው ከመነሻው አንድ ጥቁር መሰል ቀለም ብቻ ካለውና ተደራራቢ ቅርጽ ከሌለው ነው።