«የዕለቱ የለንደን ዋጋ» የሚል የወርቅ ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ድሬዳዋ ላይ ለሠርግ ወርቅ ልታዝዙ ያሰባችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ወንድሜ ሊያገባ ነው። ለሙሽራዋ 40 ግራም ባለ 21 ካራት ወርቅ ከዚራ ከሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት አዘዝን። ስሙን አልጠራም። ችግሩም የአንድ ሱቅ ብቻ አይመስለኝም። ቀብድ ከፈልን። ቀሪው ሒሳብ ወርቁ ሲደርስ እንዲከፈል ተስማማን። ውሉ ላይ ያለችው ቁልፍ ዓረፍተ ነገር ይህቺ ናት፦ «የወርቁ ዋጋ በርክክቡ ዕለት ባለው የለንደን ዋጋና የዶላር ምንዛሪ ይሰላል፤ የእጅ ዋጋ ለብቻ ይከፈላል።» ሲያዩዋት ታምራለች። እኔም ለንደን ሲባል ማንም የማይነካው ዋጋ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የርክክቡ ቀን ሐሙስ ነበር፣ ጊዜውም ጥር። ጠዋት 4 ሰዓት ሄድን። «ዋጋው ገና አልወጣም፣ ከሰዓት ኑ» አለን። እውነቱን ነው። ከሰዓት 10፡30 ተመለስን። የድሬን ነገር ታውቁታላችሁ፤ በሙቀቱ ሰዓት ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው በርጫ ላይ ነው። «ትንሽ ጠብቁ፣ 12 ሰዓት ላይ ይለይለታል» አለን። ሻይ ጋብዞን ጠበቅን። 12 ሰዓት አለፍ እንዳለ ስልኩን አይቶ ሒሳቡን ሠራ። ከፍለን ወጣን።

በሳምንቱ የጎረቤታችንን ልጅ አገኘኋት። ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ውል፣ ማክሰኞ ዕለት ተረክባለች። ለእሷ ግን ያሰላው በጠዋቱ ዋጋ ነው። ለምን? ደረሰኞቻችንን አስቀምጠን ከሁለቱ ቀናት ዋጋ ጋር አስተያየናቸው። በእሷ ቀን የበለጠው የጠዋቱ ነው። በእኛ ቀን የበለጠው የከሰዓቱ ነው።

እዚህ ጋ ለንደን ውስጥ ምን እንደሚሠራ መናገር ያስፈልጋል።

የለንደን የወርቅ ዋጋ የሚባለው በየሰከንዱ ስልክ ላይ የሚወዛወዘው ቁጥር አይደለም። በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ የሚካሄድ ጨረታ ውጤት ነው። በለንደን ሰዓት አንዱ ጠዋት 10፡30፣ ሌላው ከሰዓት 3፡00 ላይ ይጀመራል። ልማዱ የቆየ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም 1919 ሲጀመር አምስት ነጋዴ ቤቶች ነበሩ ዋጋ የሚቆርጡት። ከሰዓት በኋላ ያለው የተጨመረው በ1968 ነው፤ አሜሪካኖች በዚያ ሰዓት ገበያ ላይ ስለሆኑ። በድሮው ጊዜ ነጋዴዎቹ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ባንዲራ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ደንበኛውን በስልክ መጠየቅ የፈለገ ባንዲራውን ያነሳል፤ እሱ እስኪያወርድ ዋጋ አይቆረጥም። ከመጋቢት 2015 ወዲህ ግን ሥራው በኮምፒውተር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለወቅቱ ገበያ የቀረበ መነሻ ዋጋ ይወጣል። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ትላልቅ ባንኮች ናቸው። በዚህ ዋጋ ምን ያህል ወቄት እንደሚገዙ ወይም እንደሚሸጡ ለራሳቸውም ለደንበኞቻቸውም ያስገባሉ። አንዱ ዙር 30 ሰከንድ ነው። ገዢው ከሻጩ በብዙ ከበለጠ ዋጋው ከፍ ይልና አዲስ ዙር ይጀመራል። ሻጩ ከበለጠ ዝቅ ይላል። የሁለቱ ልዩነት ከ10,000 ወቄት ሳይበልጥ ሲቀር ጨረታው ያበቃል፤ የተረፈችውን ልዩነት ተሳታፊዎቹ ይካፈሏታል። 10,000 ወቄት ወደ 311 ኪሎ ነው። ለእኛ ተራራ ነው፣ ለእነሱ ትርፍራፊ።

(ወቄት የምለው የዓለም ወርቅ ገበያ «ትሮይ አውንስ» የሚለውን ነው፤ 31.1035 ግራም። የሀገራችን የድሮ ወቄት ከዚህ ያንሳል፤ የሸቀጥ አውንስም 28.35 ግራም ነው። ሻጩ በ28.35 ካካፈለ የግራሙ ዋጋ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም።)

ታዲያ ከማዕድን አውጪ እስከ ማቅለጫ ፋብሪካ ድረስ ያሉ ሰዎች ውላቸውን ለምን በዚህ ዋጋ ያስራሉ? ስልክ ላይ ያለው ገበያ ሁልጊዜ ሁለት ዋጋ አለው፤ የመግዣና የመሸጫ። በዚያ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ደቂቃ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊያዩ ይችላሉ። የጨረታው ዋጋ ግን አንድ ነው። የገዛውም የሸጠውም በእሱ ነው፣ በእውነት ወርቅ ተሽጦበታል፣ ሰዓቱም አስቀድሞ ይታወቃል። ከዓመት በኋላ «ያኔ ስንት ነበር?» ብሎ የሚከራከር ቢመጣ መልሱ አንድ ቁጥር ነው። ወርቅ ይዘው አክሲዮን የሚሸጡ ትላልቅ ፈንዶችም የያዙትን የሚተምኑት በዚሁ ነው፣ ብዙዎቹ በከሰዓቱ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥቅም የሚሠራው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ከተጻፈ ብቻ ነው። የጠዋቱና የከሰዓቱ ዋጋ አንዳንድ ቀን ይቀራረባሉ፣ አንዳንድ ቀን ይራራቃሉ። የትኛው እንደሚበልጥ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አንዱን ዛሬ መርጣችሁ ብትጽፉ ለሻጩም ለእናንተም እኩል ዕድል ነው። ሁለቱ ከወጡ በኋላ መምረጥ የሻጩ ከሆነ ግን ሳንቲሙን ወርውሮ፣ ወድቆ ካየው በኋላ «አንበሳ» ማለት ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ ለምሳሌ ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። ጠዋት ወቄቱ 3,000 ዶላር፣ ከሰዓት 3,030 ዶላር ይሁን። ዶላሩ በባንክ 130 ብር። 3,000ን ለ31.1035 ስናካፍል የንጹሕ ወርቅ ግራም 96.45 ዶላር ይሆናል። የእኛ 21 ካራት ነው፤ ከ24 እጅ 21 እጅ፣ ማለትም 0.875። ስናባዛው 84.40 ዶላር፣ በብር 10,971። 40 ግራሙ ወደ 438,900 ብር ይመጣል። በከሰዓቱ ዋጋ ተመሳሳዩን ብንሠራ ወደ 443,200 ነው። ልዩነቱ 4,400 ብር ገደማ። ቤት አያፈርስም፣ ግን የሙሽራ ጫማ ይገዛል። ደግሞ በየደንበኛው ነው።

መልሳችሁ ስትሸጡለት ደግሞ ውሉ «በዕለቱ ዋጋ ይገዛል» ይላል። ያኔ የሚመርጠው ዝቅተኛውን እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

ተመልሼ ሄጄ ጠየቅኩት። «አቦ፣ ተረጋጋ! ውሉ የዕለቱ ዋጋ ነው የሚለው፤ ሁለቱም የዕለቱ ዋጋ ናቸው» አለኝ። አልዋሸም። የተናደድኩትም ለዚህ ነው።

ከዚህ የባሰው ቀዳዳ ዶላሩ ነው። ለንደን ዋጋውን የሚቆርጠው በዶላር ነው፤ ብሩን አያውቀውም። «የዶላር ምንዛሪ» ሲባል የማን ምንዛሪ? እኛ ሳናስተውል የተሰላብን በባንክ ሳይሆን በመንገድ ዋጋ ነበር። በምሳሌው ዶላሩን 130 ትተን 145 ብናደርገው 443,200 ብሩ ወደ 494,400 ያድጋል። ከ51,000 ብር በላይ ማለት ነው። ስለ ጠዋትና ከሰዓት ስከራከር ትልቁ ሌባ በሌላ በር ገብቶ ወጥቷል።

በትንሽ ቃል ትልቅ ገንዘብ መንቀሳቀሱ የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ሰኔ 2012 የባርክሌይስ ባንክ አንድ ነጋዴ የከሰዓቱ ዋጋ ከ1,558.96 ዶላር በላይ ከሆነ ባንኩ ለደንበኛው 3.9 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍልበት ውል ነበረበት። በዚያው ጨረታ ውስጥ ትልቅ የመሸጫ ትዕዛዝ አስገባ፣ ዋጋው ከዚያ በታች ተቆረጠ። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ በ2014 ባንኩን 26 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። የዛሬው አሠራር በዙሮች መካከል ያለውን ግዢና ሽያጭ ለተሳታፊዎቹ በግልጽ ያሳያል። የእኛን ውል ግን ማንም አይቆጣጠርልንም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። በእኛ አቆጣጠር፣ በክረምታቸው ወቅት የመጀመሪያው ጨረታ ቀን 7፡30፣ ሁለተኛው ማታ 12፡00 ይጀመራል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 6፡30 እና 11፡00 ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «የዛሬው የለንደን ዋጋ ይኸው» የሚላችሁ ካለ የሚያሳያችሁ ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ ጨረታ የለም። ሠርጉ እሑድ ነው ብላችሁ ቅዳሜ የምትረከቡ ከሆነ «የዕለቱ» የሚባል ዋጋ አይኖርም፤ የዓርቡ ነው መያዝ ያለበት። ስልክ ላይ ስትፈልጉ LBMA Gold Price PM የሚለውን እዩ፤ AM ያለበት የጠዋቱ ነው። ዋጋው ደግሞ የብረቱ ብቻ ነው፤ የሚያወራው በለንደን ካዝና ስላለው፣ 400 ወቄት ገደማ ስለሚመዝነው የወርቅ ጡብ ነው። የእጅ ዋጋና ግብር በላዩ መጨመሩ ተገቢ ነው፣ ግን ለየብቻ ይጻፍ።

ለእህቴ ሌላ ወርቅ ሳዝዝ ሐረር ወጣሁ፣ ጁገል ውስጥ ወዳሉ አንድ አንጥረኛ አባት። ዓረፍተ ነገሩን ራሴ ጽፌ ነው የሄድኩት፦ «የግራሙ ዋጋ፣ ከርክክቡ በፊት ባለው የሥራ ቀን ከሰዓት የወጣው የለንደን ጨረታ ዋጋ ለ31.1035 ተካፍሎ፣ በ0.875 ተባዝቶ፣ በዚያው ቀን ሁለታችን በውሉ ላይ ስሙን በጻፍነው ባንክ የዶላር መሸጫ ተመን ይባዛል።»

መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እነሱ በዓል ሆኖባቸው ከዘጉስ? ለገናቸው ዋዜማ የከሰዓቱ የለም እኮ» አሉኝ። አላሰብኩበትም ነበር። እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና ከሥሩ በራሳቸው እጅ ጨመሩበት፦ «የከሰዓቱ ካልወጣ፣ ከዚያ በፊት የወጣው የመጨረሻው የከሰዓት ዋጋ ይያዛል።»